100 ሚሊ የፀጉር ዘይት፦ ውድ የሚመስል ግን ወጪው የማይከብድ ጠርሙስ (ባህር ዳር)

ሰብለ_ጣና · ሰኞ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነው ያለሁት። የፀጉር ዘይት አዘጋጃለሁ። መሠረቱ የጉሎ ዘይት ነው፤ ጥቁር አዝሙድና ሮዝመሪ ይገባበታል። እስካሁን ለሳሎኖች ነበር የምሸጠው። አሁን ሐይቁ ዳር ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ሊያስገባልኝ ፈቃደኛ ነው፣ አዲስ አበባም ደንበኞች አሉኝ።

ችግሬ ማሸጊያው ነው። ጠርሙሴ ተራ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ነጭ፣ ስቲከሩ ወረቀት። ሰው ሳሎን ውስጥ ዘይቱን ይወደዋል፣ ሱቅ ላይ ግን እጁ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስቲከሩ ከትንሽ አጠቃቀም በኋላ ዘይት ጠጥቶ ይጠቁራል። አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስልክ ደግሞ ካርቶኑ ረጥቦ ይደርሳል። ክዳኑን አጥብቄ ነው የማስረው።

ለአከፋፋይ በ300 ብር ነው የማስረክበው። ለማሸጊያ ከ60 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። አሁን ያለው ሒሳብ፦ ጠርሙስ 18፣ ክዳን 5፣ ስቲከር 6፣ የካርቶን ሣጥን 26። በአንድ ጊዜ 500 ፍሬ ማዘዝ እችላለሁ። ቡናማ ብርጭቆ ከነጠብታው ልግዛ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

የሽምብጥ_ልጅ · ሰኞ

ብርጭቆ ግዢ እህቴ፣ አትጨነቂ። ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነገር መቼም ፕሪሚየም አይመስልም። ሰው በእጁ ሲያነሳው ክብደት መሰማት አለበት። ቡናማው ብርጭቆ ዘይቱንም ከብርሃን ይጠብቅልሻል። ነጠብታ ያለው ጠርሙስ ሁሉም ውድ ብራንድ ጋ አለ። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሄዋን_ጎንደር · ሰኞ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የሰውነት ቅባት ነው የምሠራው፣ በሰፊ አፍ ዕቃ። ድርብ ግድግዳ ያለው ነጭ ዕቃ ገዝቼ ነበር፣ በጣም ያምራል። ደንበኞች ግን «ትልቅ መስሎ ውስጡ ትንሽ ነው» ብለው ቅር አላቸው። ሰብለ፣ አንቺ ስንት ግራም ነው የምትሞዪው?

ጌታቸው_ማሸጊያ · ሰኞ ማታ

ሰብለ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡንም ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ማሸጊያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ቀስ ብዬ ልመልስ።

መጀመሪያ ነጠብታውን እንተወው። የጉሎ ዘይት በጣም ወፍራም ነው። በነጠብታ ቱቦ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ደንበኛዋ ጎማውን ጭምቅ አድርጋ ትለቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ግማሽ ቱቦ ብቻ ይመጣል። ለፀጉር ደግሞ ጠብታ ሳይሆን መዳፍ ላይ የሚፈስ መጠን ነው የምትፈልገው። ሌላም አለ፤ የሮዝመሪ ዘይት ተራውን የላስቲክ ጎማ ከጊዜ ጋር ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ጎማው ሲላላ ክዳኑ ማፍሰስ ይጀምራል። ነጠብታ ለቀጭን የፊት ዘይት፣ ለ30 ሚሊ ጠርሙስ የተሠራ ነገር ነው።

የሽምብጥ ልጅ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ቡናማ ቀለም ዘይቱን ከብርሃን ይጠብቃል። ግን ቡናማ ፔት ፕላስቲክም ይሄንኑ ያደርጋል። ብርጭቆ በእውነት የሚበልጠው አየር ባለማሳለፉ ነው፤ ፔት በጣም በጥቂቱ ኦክስጅን ያሳልፋል። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ለሚቆም ምርት ይህ ዋጋ አለው። በጥቂት ወር ለሚያልቅ ግን ከዚህ ይልቅ ጠርሙሱ አናት ላይ የሚቀረው አየርና ደንበኛዋ በከፈተች ቁጥር የሚገባው አየር ነው የሚያስቸግረው። ባዶ የ100 ሚሊ ብርጭቆ ወደ 100 ግራም ሊመዝን ይችላል፣ ፔቱ ግን 20 ግራም እንኳ አይሞላም። ያንን ክብደት በአውቶቡስ መላክ፣ የሚሰበረውንም መተካት አለብሽ።

ነገ ስለ ማፍሰሱ እጽፋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ዘይቱን እስከ ስንት ነው የምትሞዪው? ሙቅ ሆኖ ነው ወይስ ቀዝቅዞ?

ሰብለ_ጣና · ሰኞ ማታ

እስከ አንገቱ ድረስ ነው የምሞላው። ጎዶሎ እንዳይመስል ብዬ። ዘይቱን ሳዋህድ ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ ለብ እያለ ነው የምሞላው። ሄዋን፣ እኔ በሚሊ ነው የምሠራው።

ጌታቸው_ማሸጊያ · ማክሰኞ

እሺ፣ ካርቶንሽ ለምን እንደሚረጥብ አሁን ግልጽ ሆነ።

ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። 100 ሚሊ ዘይት ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 1.7 ሚሊ ይጨምራል። ጠዋት በ20 ዲግሪ የሞላሽው ጠርሙስ ከሰዓት ፀሐይ የመታው የአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ 45 ሊደርስ ይችላል። እስከ አንገቱ ከሞላሽው ያ 1.7 ሚሊ የት ይሂድ? በክዳኑ ሥር ይወጣል።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። መኪናው አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ከዚያ ደጋውን ወጥቶ በእንጦጦ በኩል ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እዚያ የውጪው የአየር ግፊት ከባህር ዳሩ ያነሰ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው አየር ወደ 15 በመቶ መስፋት ይፈልጋል። ጠርሙሱ ቆሞ ከሆነ አየር ብቻ ያመልጣል፣ ምንም አትዪም። ተጋድሞ ከሆነ ግን ክዳኑ ጋ ያለው ዘይት ስለሆነ የሚገፋው ዘይቱ ነው። አጥብቀሽ ብታስሪውም ክዳኑ ውስጥ ያለው መዝጊያ ደካማ ከሆነ ምንም አይጠቅምም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። «100 ሚሊ» የሚባል ጠርሙስ እስከ አፉ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊ ገደማ ይይዛል። ውኃ ሞልተሽ በሚዛን አረጋግጪ። 100 ሚሊ ዘይት ብቻ ጨምሪ፣ ከላይ ያለው ባዶ ይቅር። በዓይን አትሙዪ፣ በሚዛን ሙዪ። መጀመሪያ 100 ሚሊ ዘይትሽን ለክተሽ መዝኚ፤ የጉሎ ዘይት ብቻውን 96 ግራም አካባቢ ነው፣ ሌላ ዘይት ሲቀላቀልበት ይቀንሳል። ያገኘሽው ግራም ከዚያ በኋላ መለኪያሽ ነው። ዘይቱ ደግሞ ይቀዝቅዝ። ለብ ያለ ዘይት ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጎኑ የተሰረጎደ ጠርሙስ አይተሽ ከሆነ ምክንያቱ አንዱ ይሄ ነው።

ጎዶሎ መምሰሉ ያሳሰበሽ ትክክል ነሽ። ሱቅ ላይ አምስት ጠርሙስ ተደርድሮ የዘይቱ ልክ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ማንም ርካሽ ዕቃ መሆኑን ያውቃል። መፍትሔው ግን መሙላት አይደለም። ቡናማው ጠርሙስ ልኩን ይሸፍናል። ክዳኑም ሰፊና ረጅም ሆኖ አንገቱን ከዋጠው ከላይ ያለው ባዶ ቦታ አይታይም።

የሽምብጥ_ልጅ · ማክሰኞ

ይሄ የከፍታው ነገር ጥሩ ትምህርት ነው፣ አመሰግናለሁ። ክዳን ግን መርካቶ ሞልቷል። አንገቱ 24 ከሆነ 24 ክዳን ይገጥማል። ጥቁር ማት ክዳን ወስዳ ታድርግበት፣ አለቀ።

ጌታቸው_ማሸጊያ · ማክሰኞ

24 ብቻ አይበቃም ወንድሜ። ከጎኑ ያለውን ቁጥርም እይ። 24/410 እና 24/400 አፋቸው እኩል ነው፣ የአንገታቸው ቁመት ግን ይለያያል። የ410 ክዳን 400 አንገት ላይ ብታስረው ጥርሱ ይይዛል፣ ጥብቅ ያለም ይመስላል። ግን የክዳኑ ጠርዝ የጠርሙሱን ትከሻ ቀድሞ ይነካና ውስጡ ያለው መዝጊያ አፉ ላይ ሳይቀመጥ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የቆመ ቆንጆ ጠርሙስ ሆኖ ያፈስሳል። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ ባዶውን ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ፣ አስረሽ በብርሃን እዪው። በክዳኑና በትከሻው መካከል ቀጭን ክፍተት መኖር አለበት።

የመዝጊያውም ዓይነት ወሳኝ ነው። ነጭ ስፖንጅ የሚመስለው ከሆነ ለዘይት አስተማማኝ አይደለም። የምመክርሽ አፉ ላይ ተጭኖ የሚገባ፣ መሐሉ ትንሽ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ውታፍ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። ከክዳኑ ጋር ሆኖ ይዘጋል፣ ስታፈሽም ዘይቱ በአንድ ቀጭን መስመር ስለሚወጣ የጠርሙሱ አንገት አይጨማለቅም። ስቲከርሽን የሚያጠቁረው ያ ከአንገቱ የሚንጠባጠበው ዘይት ነው። ለጉሎ ዘይት ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ከጠበበ ዘይቱ እንቢ ይላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሞላሽውን ጠርሙስ በሶፍት ጠቅልለሽ አጋድሚው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይደር። ጠዋት ሶፍቱን ዘርግተሽ ክዳኑ የነካውን ቦታ እዪ። የዘይት ጠብታ እንኳ ካለ ያ ክዳን መንገድ አይወጣም።

ማተሚያ_ቤት_ቀበሌ14 · ማክሰኞ ማታ

ስለ ስቲከሩ እኔ ልበል፣ ሥራዬ ነው።

ወረቀት ስቲከር ላይ ላሚኔሽን ቢደረግም ዘይት ይገባል። ፊቱ ይሸፈናል እንጂ ጠርዙ ክፍት ነው። በጠርዙ ገብቶ ወደ መሐል ይሄዳል፣ ያ ቢጫ ክብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፒፒ የሚባለውን የፕላስቲክ ስቲከር ጠይቂ፣ ማት ላሚኔሽን ይደረግበት። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ዘይት ቢነካው በጨርቅ ጠርገሽ ትገላገያለሽ።

አራቱን ማዕዘን ክብ አድርገሽ አስቆርጪ። ሹል ማዕዘን ቦርሳ ውስጥ ሲነካካ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ስፋቱን ደግሞ በወረቀት ቁራጭ ጠርሙሱን ጠቅልለሽ ለኪ። ለምሳሌ ዙሪያው 138 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስቲከሩ 128 ይሁን። ከኋላ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ጫፍና ጫፉ እንዲነባበር ካደረግሽው ትንሽ ሲጣመም ወዲያው ይታያል። ክፍተት ካለ ትንሽ መጣመም ዓይን አይገባም። ከላይና ከታች ደግሞ ጠርሙሱ መታጠፍ ከሚጀምርበት 3 ሚሊ ሜትር ራቂ፣ አለዚያ ይሸበሸባል።

አንድ ነገር ደንበኞቼ ሁሉ የማይሰሙኝ አለ። ፊደሉን አታሳንሱ። የእንግሊዝኛ ፊደል ትንሽ ሆኖ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን እግርና ቀለበት አለው። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ስታሳትሚ ቀለሙ ትንሽ ይሰፋና ክፍተቱን ይደፍነዋል። ጨ እና ጩ፣ ሕ እና ሐ አይለዩም። የተቀረውን ጽሑፍ በጥቁር ፊደል ክሬም መደብ ላይ አድርጊ፣ ነጭ በጥቁር የምትፈልጊ ከሆነ ለስሙ ብቻ ይሁን፣ ወፍራም አድርጊው።

ሰብለ_ጣና · ረቡዕ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ወርቃማ ፎይል ማሳተምስ? ስሙ በወርቅ ቢሆን ብዬ አስቤ ነበር።

ማተሚያ_ቤት_ቀበሌ14 · ረቡዕ

ለ500 ፍሬ አይመከርም። ፎይሉ በብረት ቅርጽ ነው የሚጫነው፣ ቅርጹን ለማሠራት የሚከፈለው ለ500ም ለ5,000ም አንድ ነው። ለትንሽ ብዛት ፍሬው ላይ ሲካፈል ይከብድሻል። ቢጫና ቡኒ ቀለም ቀላቅሎ ወርቅ ለማስመሰል ደግሞ አትሞክሪ፣ ሰናፍጭ ነው የሚመስለው። ማት ክሬምና ጥቁር ብቻ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የባች ቁጥርም ቦታ ይያዝላቸው። ማት ላሚኔሽን ላይ ተራ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፣ በእጅ ይጠፋል። ለቀኑ ብቻ ትንሽ ወረቀት ስቲከር ከታች፣ ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ ብትለጥፊ ይሻላል።

አበበ_ፓፒረስ · ረቡዕ

እኔ የምለው፣ ጣና ዳር ሆናችሁ ደንገል እያለ ለምን ትጨነቃላችሁ? ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሰንጥቀሽ ጠርሙሱን ጠቅልዪበት። የትም የሌለ ነገር ይሆናል። ቱሪስት አይቶ አያልፍም።

ሄዋን_ጎንደር · ረቡዕ

ሀሳቡ ደስ ይላል። ግን ደንገል እርጥበት ይስባል፣ ክረምት ላይ ሊሻግት ይችላል። ዘይት ሲነካውስ? እኔ ቅባቴን በሰሌን ጠቅልዬ ሰጥቼ ነበር፣ ስጦታ ሲሆን አሪፍ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ግን አቧራ ይዞ ይቆያል።

አበበ_ፓፒረስ · ረቡዕ

በደንብ ከደረቀ አይሻግትም። ዕቃው ላይ ባይጠቀለልም አንገቱ ላይ ቀጭን ክር አድርጎ መለያ ወረቀቱን ማንጠልጠል ይቻላል። የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፣ እነሱም ያተርፋሉ። በዚህ አልስማማም ሄዋን።

ጌታቸው_ማሸጊያ · ረቡዕ ማታ

ለስጦታ ሱቁ ብቻ ከሆነ አበበ ያለው ክር ያስኬዳል። ለሳሎን ግን አያስፈልግም፣ እጅ ሁሌ ዘይት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የምታወጪው 55 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 26ቱ ሣጥኑ ነው። ሣጥኑን ሰው ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ይጥለዋል። ጠርሙሱ ግን መታጠቢያ ቤት ለወራት ይቆማል፣ እንግዳ ያየዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ከሣጥኑ አንስተሽ ክዳንና ስቲከር ላይ አውጪው። እንዲህ ልገምት፦ ቡናማ ፔት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ክብ ጠርሙስ 20 ብር። ጥቁር ማት ክዳን፣ ጎኑ ልሙጥ የሆነ 14። ውታፍ 3። ፒፒ ስቲከር 13። ድምሩ 50 ነው። የአንቺ ገበያ ዋጋ ይለያይ ይሆናል፣ ሬሾውን እዪው።

ለምን ክዳኑ? ሰው መጀመሪያ በጣቱ የሚነካው እሱን ነው። ጎኑ ላይ የቆሙ መስመሮች ያሉት ክዳን የመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ያስታውሳል። ልሙጡ ክዳን ስፋቱ ከጠርሙሱ ትከሻ ጋር ከተቀራረበ ጠርሙሱና ክዳኑ እንደ አንድ ዕቃ ይታያሉ። አሁን ያለሽ ጠርሙስ ትንሽ ክዳን ትልቅ አካል ላይ ስለሆነ ነው የውኃ ጠርሙስ የሚመስለው። ጠርሙሱን ራሱን ልዩ ቅርጽ ለማሠራት ግን አታስቢ፣ ሻጋታ ማሠራት በአንቺ መጠን አያዋጣም። ሁሉም ሰው የሚያገኘውን ጠርሙስ ገዝተሽ በክዳንና በስቲከር የራስሽ አድርጊው። ነገ ሌላ ዘይት ስትጨምሪ ያው ጠርሙስ ይሁን፣ ስቲከሩ ላይ ያለው አንድ ቀለም ብቻ ይቀየር።

ስቲከሩን ደግሞ ባዶው፣ ደረቅ ጠርሙስ ላይ ለጥፊ፣ ከዚያ ሙዪ። ዘይት ከሞላሽ በኋላ እጅሽ ንጹሕ አይሆንም፣ ሙጫው አይይዝም። ሁለት ቁራጭ እንጨት በቪ ቅርጽ አጋጥመሽ ጠርሙሱን አስተኚበት፣ ስቲከሩ ሁሌ ከአንድ መስመር ይጀምራል።

ደስታ_ፋርማሲ · ሐሙስ

ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። ስቲከር ከማሳተምሽ በፊት ፈቃድሽ የት ደረሰ? መዋቢያ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ነው። ጽሑፉ ላይ አስተያየት ከሰጡሽ 500 ስቲከር ይባክናል። በተለይ «ፀጉር ያበቅላል» የሚል ነገር ከጻፍሽ ምርቱን እንደ መድኃኒት ያያሉ።

ሰብለ_ጣና · ሐሙስ

እሱ ላይ ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ስቲከሩን አላሳትምም ገና። «ያበቅላል» የሚለውን አወጣዋለሁ።

ጋሽ ጌታቸው፣ አንድ ጥያቄ። በክዳኑ ሥር የሚለጠፈው የብር ፎይልስ? ሱቁ ያልተከፈተ መሆኑ ይታይ ብሎኛል።

ጌታቸው_ማሸጊያ · ሐሙስ

ጥሩ ነው፣ ግን ማሽን ይፈልጋል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ አለ። ፎይሉ ለፔት የሚሆን መሆን አለበት፤ ለሌላ ፕላስቲክ የተሠራው ፔት ላይ አይጣበቅም። አፉ ላይ ዘይት ካለ ጭራሽ አይይዝም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን አፍ መጥረግ አለብሽ። ውታፉም ካለ ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ሞክሪ፣ አንዳንዱ ውታፍ ከፍ ስለሚል ፎይሉ አይተኛም። ለጊዜው ከውጭ የሚጠቀለል የሽሪንክ ቀለበት ይሻልሻል፣ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ተኮማትሮ ይጠብቃል።

የሽምብጥ_ልጅ · ሐሙስ

ሽሪንክ ግን ልሙጡን ማት ክዳን ያበላሻል። ያን ሁሉ ወጪ አድርጋ በላዩ የሚያንፀባርቅ ላስቲክ? ቀጭን ወረቀት ከክዳኑ አናት ወደ ጠርሙሱ ብትለጥፍ ይሻላል፣ ሲከፈት ይቀደዳል።

ጌታቸው_ማሸጊያ · ሐሙስ

ይሄ ጥሩ ሀሳብ ነው። ሙጫው ክዳኑ ላይ ቅሪት እንዳይተው ብቻ ሞክሩት።

ሰብለ_ጣና · ቅዳሜ

ጠርሙሶቹን በሶፍት ጠቅልዬ አሳደርኩ። ስፖንጅ ክዳን ያላቸው ሶፍቱ ላይ ዘይት ትተዋል። በልኩ የሞላኋቸው፣ ውታፍ ያላቸው ሶፍታቸው ደረቅ ነው። ስፖንጅ ክዳን ሆኖ በልኩ የተሞላ አንዱ ግን ትንሽ ጠብታ ነበረው፣ ስለዚህ መሙላቱ ብቻ አይደለም፣ መዝጊያውም ነው።

የስጦታ ሱቁ ባለቤት ግን ሣጥን ካልሆነ አልቀበልም አለ። ሰው በአውሮፕላን ይዞት ስለሚሄድ ነው ይላል። ለሳሎን ያለ ሣጥን፣ ለሱቁ በሣጥን ልሂድ ይሆን?

ማተሚያ_ቤት_ቀበሌ14 · ቅዳሜ

ለሱቁ ቡናማ ተራ ካርቶን ሣጥን ያለ ምንም ሕትመት ግዢ። ፊቱ ላይ ያንኑ ስቲከር ለጥፊ። ሣጥን ማሳተም አያስፈልግሽም፣ ለሁለትና ለሦስት ምርትም ያው ሣጥን ያገለግላል። መጠኑን ግን ክዳኑ ከተገዛ በኋላ ለኪ።

ሄዋን_ጎንደር · ቅዳሜ

ያን ቡናማ ሣጥን የት ነው የምታገኙት? እኔም ለቅባቴ እፈልጋለሁ። ሰብለ፣ ውታፉን አብረን ብናዝዝ ዋጋው አይቀንስም?

ሰብለ_ጣና · ቅዳሜ

ያንቺ ሰፊ አፍ ነው ሄዋን፣ ውታፍ አይገባበትም። ሣጥኑን ግን አብረን ማዘዝ እንችላለን። የዕቃሽን ቁመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ላኪልኝ፣ ከእኔ ጠርሙስ ጋር አነጻጽራለሁ።